ከቱቦ ዙሪያ፣ ከጣሪያ ሸለቆና ከግድግዳ ጥግ የሚገባ ውኃ

ጥያቄ፦ «አያት አካባቢ ያለው ቤታችን ኤል ቅርጽ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ከተሠራ 9 ዓመቱ ነው። በሦስት ቦታ ያፈሳል። በመጸዳጃ ቤቱ የአየር ማስወጫ ቱቦ ዙሪያ ዝናብ እንደ ጀመረ ወዲያው ይንጠባጠባል። ሁለቱ ጣሪያዎች የሚገናኙበት ጥግ የሚያፈሰው ግን ኃይለኛ ዝናብ ወይም በረዶ ሲጥል ብቻ ነው። ከጎረቤት በሚያዋስነን የ7 ሜትር ብሎኬት ግድግዳ ሥር ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላም እስከ ማግሥቱ ኮርኒሱ ይረጥባል። ሁለት ክረምት ሲሊኮን አስሞልተን፣ ሬንጅም አስቀብተን ነበር፤ አልቆመም። አሁን ሠራተኛው ቆርቆሮው በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም ይላል። እውነቱን ነው?»

ምላሽ፦

ቆርቆሮውን አይቀይሩ። ቆርቆሮ ራሱ ሲያፈስ ምልክቱ ሌላ ነው፤ በሚስማር ቀዳዳዎች መስመር ወይም ዝገት በበላው ቦታ ላይ፣ በክፍሉ መካከል ሳይቀር፣ ተበታትኖ ይታያል። የእርስዎ ጣሪያ ግን የሚያፈሰው ቆርቆሮው ከሌላ ነገር ጋር በሚገናኝባቸው ሦስት ቦታዎች ብቻ ነው። እነዚህ መገናኛዎች አሁን ባሉበት አሠራር ከቀጠሉ፣ አዲሱ ቆርቆሮም በመጀመሪያው ክረምት በእነዚሁ ቦታዎች ያፈሳል፤ ወጪው ብቻ ነው የሚጨምረው።

ስለ እያንዳንዱ ቦታ የጻፉት ሰዓት ከማንኛውም ፎቶግራፍ በላይ ይናገራል። ዝናብ እንደ ጀመረ የሚንጠባጠብ ውኃ የሚገባው ከራስዎ በላይ ካለ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ታች ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚያፈስ ቦታ ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል፤ የውኃ መንገዱ ጠቦ ወይም ተደፍኖ ውኃው ከፍ ብሎ በጠርዙ ስለሚሻገር ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ለሰዓታት የሚያንጠባጥብ ቦታ ደግሞ ውኃውን አንድ ቦታ አጠራቅሞ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ነው ማለት ነው፤ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ይህ ማጠራቀሚያ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ቦታዎች ሦስት የተለያዩ በሽታዎች አሏቸው፤ ሁሉንም በአንድ ቱቦ ሲሊኮን ለማከም መሞከሩ ነው ሁለት ክረምት ያባከነው።

ስለ ሲሊኮኑ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ጣሪያ ሥራ ስለሚቆጥረው ነው። የአዲስ አበባ ጣሪያ ማለዳ ላይ እጅ የሚያቀዘቅዝ ሆኖ እኩለ ቀን ላይ መንካት እስኪያቅት ይግላል። የ6 ሜትር ቆርቆሮ የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ሲሆን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ማታ ተመልሶ ያጥራል። ግድግዳው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። በሁለቱ መካከል የተሞላ ሲሊኮን በየቀኑ ይሳባል፣ ይጨመቃል፤ አቧራ ወይም ዘይት ባለበት ገጽ ላይ ከሆነ የተቀባው ደግሞ በወራት ውስጥ ጠርዙ ይላቀቃል። ሬንጅ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶ ከዚያም ቀድሞ ይሰነጠቃል። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት ደግሞ አሲድ ስለሚለቅ የቆርቆሮውን የዚንክ ሽፋን ይበላል፤ ቱቦዎ ዙሪያ ዝገት ካዩ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ፍላሺንግ፣ ማለትም መገናኛን የሚሸፍን ላሜራ፣ የሚሠራበት መርሕ ቀላል ነው፦ የላይኛው ላሜራ ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይደረባል፣ ጣሪያውና ግድግዳው ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ውኃው በራሱ ክብደት ወደ ውጭ ይወርዳል። ማጣበቂያ የሚያስፈልገው እንደ ረዳት እንጂ ውኃውን የሚያቆመው እሱ ሆኖ አይደለም።

ከሦስቱ ከባዱ ግድግዳው ስለሆነ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። እዚያ የሚገባው ውኃ ከቆርቆሮው ጠርዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቆም ነበር። እስከ ማግሥቱ መቆየቱ የሚያሳየው ውኃው ከግድግዳው አናት መግባቱን ነው። ከጣሪያ በላይ የሚወጡ የብሎኬት ግድግዳዎች አናታቸው ብዙውን ጊዜ በልስን ብቻ ይሸፈናል፤ ልስኑ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይከፈታል፣ ዝናቡም በዚያ ገብቶ በብሎኬቱ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል። መውጫ የሚያገኘው ከፍላሺንጉ በታች፣ ኮርኒሱ ደረጃ ላይ ነው። በግድግዳው ፊት ላይ ምንም ያህል ጥሩ ላሜራ ቢሠራ በውስጡ የሚወርደውን ውኃ አያቆመውም። አንድ ደንበኛ ቤት ፍላሺንጉ ሦስት ጊዜ ተነቅሎ ከተሠራ በኋላ ተጠርቼ ሄጄ፣ ከአናቱ ላይ በመዶሻ ጫፍ ልስኑን ቀስ ብዬ ስመታው ሽራፊው ተነሥቶ ሥሩ ያለው የብሎኬት ጉድጓድ ውኃ እንደ ቋጠረ አየሁት። ያ ቀን ዝናብ ካቆመ ሁለተኛው ቀን ነበር።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ይችላሉ። የግድግዳውን አናት ብቻ በወፍራም ላስቲክ ሸፍነው በጎንና በጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲወርድ አድርጉና በድንጋይ ወይም በገመድ አስይዙት፤ የግድግዳውን ፊትና የቆርቆሮውን ጠርዝ አትንኩ። ከሁለት ሦስት ዝናብ በኋላ ኮርኒሱ መርጠቡን ካቆመ ምክንያቱ አናቱ ነው። ከቀነሰ ግን ካልቆመ፣ እኔ እንደምገምተው፣ ሁለቱም ቦታዎች ያስገባሉ። ላስቲኩ እስከ በጋ ድረስ ጊዜያዊ መከላከያም ይሆንልዎታል።

አናቱን ለመሥራት የላላው ልስን ተነቅሎ፣ በሲሚንቶ ወደ እርስዎ ጣሪያ የሚያዘነብል ገጽ ይሠራል፤ ከጎረቤት በኩል ያለው ጠርዝ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ወደ ጎረቤት ያዘነበለ እንደሆነ ውኃው የእሳቸውን ግድግዳ ይጎዳል፣ ጠቡም ይከተላል። ሲሚንቶው በደንብ ከደረቀ በኋላ ላሜራ እንደ ቆብ ይለብሰዋል። እርጥብ ሲሚንቶ የዚንኩን ሽፋን ስለሚበላ ከሥሩ ላስቲክ ወይም የሬንጅ ወረቀት ይነጠፋል። ልስኑን ጨምሮ ግድግዳው 24 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋና ላሜራው በሁለቱም በኩል 7 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ የሁለቱንም ጠርዝ የ1 ሴንቲ ሜትር እጥፋት ጨምሮ በጠቅላላው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይፈልጋል። የታችኛው ጠርዝ ከግድግዳው ትንሽ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት፤ አለበለዚያ ጠብታው ተጠምዝዞ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ሚስማር ከአናቱ ላይ በፍጹም አይመታም። ላሜራው የሚያዘው በጎኑ በሚገባ ብሎን ነው፤ ሠራተኛው «ከላይ ሁለት ብመታው ይጠነክራል» ካለዎት አይፍቀዱለት፤ እያንዳንዱ ሚስማር ራሱ አዲስ ቀዳዳ ነው።

ከአናቱ ቀጥሎ የቆርቆሮውና የግድግዳው መገናኛ ይመጣል። እዚህ ሁለት ላሜራዎች ያስፈልጋሉ፤ አብዛኛው ሠራተኛ የሚሠራው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቶ ጠርዙን በሲሚንቶ ይለስነዋል። በእርስዎም ቤት የሚያገኙት ይህንን ይመስለኛል። የታችኛው ላሜራ በግድግዳው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፣ በቆርቆሮው ላይ ደግሞ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ተኝቶ በተለመደው ሽንሽን ቆርቆሮ ሁለት ጉብታዎችን አልፎ ጫፉ ወደ ጎድጓዳው ይታጠፋል። ይህ ላሜራ የሚያያዘው ከጣሪያው ጋር ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ አይመታም። የላይኛው ላሜራ የሚያያዘው ደግሞ ከግድግዳው ጋር ብቻ ሲሆን፣ በታችኛው ላይ ቢያንስ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይደረባል። ጣሪያው በሙቀት ሲረዝም የታችኛው ከላይኛው ሥር ይንሸራተታል፤ የሚሰነጠቅ ነገር የለም።

ጥበቡ ያለው የላይኛው ላሜራ ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው። ግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቀጭን ቦይ ይቆረጣል፤ ይህም የሚለካው ከልስኑ ሳይሆን ከብሎኬቱ ፊት ጀምሮ ነው። በልስኑ ውስጥ ብቻ የተቆረጠ ቦይ ከልስኑ ጀርባ የሚወርደውን ውኃ አያገኘውም። ብሎኬቱ ራሱ ግን አይቆረጥም፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ መቁረጫው ወደ ሆዱ ይገባል። የሚቆረጠው የሁለት ብሎኬቶች የሲሚንቶ መጋጠሚያ መስመር ነው። ብሎኬት 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ስላለውና መጋጠሚያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን መስመሩ በየ21 ሴንቲ ሜትሩ ይገኛል፤ አንድ ቦታ ልስኑን ትንሽ ከፍቶ ማየት ከግምት ይሻላል። ላሜራው ወደ ቦዩ ሲገባ የውስጥ ጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፋል፣ በየግማሽ ሜትሩ በተጠቀለለ ላሜራ ሽብልቅ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቦዩ በማይሸት፣ አሲድ በማይለቅ የሲሊኮን ዓይነት ይሞላል። እዚህ ላይ ሲሊኮኑ ፀሐይ በቀጥታ አያገኘውም፣ ጭንቀትም የለበትም፤ ለብዙ ዓመት ይቆያል።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ የመገናኛው የታችኛው ጫፍ ነው። ግድግዳው ከአሸንዳው አልፎ የሚቀጥል ከሆነ፣ በፍላሺንጉ የወረደው ውኃ በሙሉ አሸንዳው ጎን በግድግዳው ላይ ይፈሳል። የመጨረሻው ላሜራ ጫፉ እንደ ጆሮ ወደ ውጭ ታጥፎ ውኃውን ወደ አሸንዳው መወርወር አለበት። ከውጭ ግድግዳዎ የታችኛው ጥግ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወይም የተላጠ ቀለም ካለ ይህ ጆሮ የለም ማለት ነው።

ቱቦው ከግድግዳው ይቀላል። የመጸዳጃ አየር ማስወጫ ቱቦ ብዙውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሽንሽን ቆርቆሮ አንድ ሞገድ ግን 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቱቦው ቢያንስ አንድ ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ከላይ የሚመጣው ውኃ ከቱቦው ጀርባ ተገድቦ መሄጃ ያጣል። ዙሪያውን ምንም ብንለጥፍ ይህ ኩሬ ቀኑን ጠብቆ ይገባል። በገበያ የሚገኘው የጎማ ኮፍያ ለቀጫጭን ቱቦዎችና ለሰፋፊ ቆርቆሮዎች ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ኩሬውን አያስቀረውም፣ ጎማውም በፀሐይ ይደርቃል። የምመክረው ከቱቦው 20 ሴንቲ ሜትር በታች ጀምሮ እስከ ጣሪያው ጫፍ ክዳን ሥር ድረስ የሚደርስ ጠፍጣፋ ላሜራ በቆርቆሮው ላይ ማንጠፍ ነው። ላይኛው ጫፉ በክዳኑ ሥር ስለሚገባ ከጀርባው የሚገባ ውኃ የለም፤ ጎኖቹ አንድ አንድ ጉብታ አልፈው ይታጠፋሉ። ቱቦው የሚያልፍበት ቦታ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ ላሜራ በስታኞ ይበየዳል፤ ቀዳዳው ከቱቦው ዙሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ምክንያቱም የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀት ከብረት አምስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ከሾጣጣው በላይ ቱቦው ላይ ትንሽ ጃንጥላ መሰል ላሜራ በፋሼታ ይታሰራል። ከቱቦው እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ ሁለት ላሜራ ይደረባል፤ መደረቢያው 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

እግረ መንገዴን፣ ፍሳሹን ለማስቆም የቱቦውን አፍ በሲሚንቶ የደፈኑ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ አይደረግም። ያ ቱቦ ከተዘጋ መጸዳጃው ሲለቀቅ በእጅ መታጠቢያው ሥር ያለውን ውኃ ስቦ ስለሚያደርቀው ቤቱ በፍሳሽ ሽታ ይሞላል።

ሸለቆው፣ ማለትም ሁለቱ ጣሪያዎች ወደ ውስጥ የሚገናኙበት ጥግ፣ የሚያስቸግረው በሚሸከመው ውኃ ብዛት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ ወደዚያ ጥግ የሚያፈሱት ሁለት ገጾች አንድ ላይ 40 ካሬ ሜትር ቢሆኑ፣ የ30 ሚሊ ሜትር ዶፍ 1,200 ሊትር ውኃ በአንድ ቀጭን መስመር ያወርዳል። በመንገዱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከተጋደመ ወይም በረዶ ከተከመረ ውኃው ከላሜራው ጠርዝ በላይ ተነሥቶ በቆርቆሮው ሥር ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ወጥተው ወይም ሰው አውጥተው ያስጠርጉት፤ ምናልባት ግማሹ ችግር እዚያው ያልቅ ይሆናል። ከጠረጉት በኋላም ካፈሰሰ የሁለቱ ቆርቆሮዎች ጫፎች ተቀራርበው መካከሉ ላይ እጅ የማያስገባ ክፍተት ብቻ መቅረቱን ይመልከቱ። ለውበት ሲባል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሠራል፤ ቅጠል ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው።

ትክክለኛው የሸለቆ ላሜራ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት፣ በጣውላ ላይ ተኝቶ፣ ሁለቱም ጠርዞቹ እንደ ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ የሚነሣው ውኃ ከንፈሩን አይሻገርም። ቆርቆሮው ከየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደረብበታል፣ መካከሉ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይተዋል። ይህን ላሜራ የሚበሳ ሚስማር አይመታም፤ ቆርቆሮው የሚያዘው ከከንፈሩ ውጭ ባለው ሞራሌ ላይ ነው። ርዝመቱ በሁለት ቁራጭ ከሆነ የላይኛው በታችኛው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይደረባል። የቆርቆሮውን ጫፍ በመቀስ እንጂ በግራይንደር አያስቆርጡ፤ ግራይንደር የዚንኩን ሽፋን ያቃጥላል፣ የሚረጨው ትኩስ ብናኝም ጣሪያው ላይ ተጣብቆ በጥቂት ሳምንት ዝገት ይሆናል።

ለወጪው ግምት ይረዳዎት ዘንድ ልቁጠርልዎ። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ላሜራ ቢገዙ፣ ለ7 ሜትሩ ግድግዳ ከመደረቢያው ጋር 4 ባለ 33 ሴንቲ ሜትር የታችኛ ቁራጭና 4 ባለ 15 ሴንቲ ሜትር የላይኛ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ይህ ከሁለት ላሜራ ይወጣል። ለአናቱ ቆብ 4 ባለ 40 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ፣ ማለትም ሁለት ላሜራ፤ ሸለቆው ከ3.8 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ አንድ፣ ለቱቦው አንድ። በድምሩ ስድስት ላሜራ ነው፤ ከሙሉ ጣሪያ ቅያሪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። 28 ጌጅ ይግዙ፤ የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ላሜራው እንደሚወፍር ብዙ ገዢ ስለማያውቅ 35 ጌጅ «ይበልጣል» ተብሎ ይሸጥለታል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀር አንድ ገደብ አለ። የጣሪያው ቁልቁለት በአንድ ሜትር ከ9 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ፣ ሽንሽን ቆርቆሮ ላይ ምንም ዓይነት ፍላሺንግ ዘላቂ አይሆንም፤ ነፋስ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያኔ የሚነካው ጣሪያውን የተሸከመው ትራስ ነው። ሠራተኛው በረጅም ጣውላና በውኃ ልክ ይለካው፤ ይህ ከተገኘ ብቻ የጣሪያ ቅያሪ ወሬ ትርጉም ይኖረዋል።

ሥራውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ያሠሩ፤ በመጀመሪያ የግድግዳው አናት፣ ከዚያ መገናኛው፣ ሸለቆው፣ በመጨረሻ ቱቦው። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ፤ በደረቁም ቢሆን እግር የሚያርፈው በሞራሌው መስመር፣ ሚስማሮቹ ባሉበት ነው፤ ከዋናው መስመር ወደ ቤቱ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሽቦ በጣሪያው አቅራቢያ ካለፈም አስቀድሞ ይጠፋ። ሥራው ካለቀ በኋላ በግድግዳው ሥር ያለው ኮርኒስ ጥቂት ሳምንት እርጥበት ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ብሎኬቱ የቋጠረውን እየለቀቀ ነው። ዙሪያውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ እርጥበቱ ከእርሳሱ መስመር ካላለፈና እየጠበበ ከሄደ ሥራው ተሳክቷል፣ ቀለሙንም እስኪደርቅ ድረስ አይቀቡት። በጋ ላይ ያለ ዝናብ ማለዳ ማለዳ ብቻ ጠብታ ካዩ ግን ያ የጣሪያ ፍሳሽ ሳይሆን የሌሊቱ ብርድ ከቆርቆሮው ሥር ያጠራቀመው ጤዛ ነው፤ መፍትሔው ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው።